ሁለት ዓመት ከፍለን ዕዳው ለምን አልተነካም?

«ጤና ይስጥልኝ። ባለቤቴና እኔ ደብረ ብርሃን የጀመርነውን ቤት ለማስጨረስ ከአንድ ባንክ 1 ሚሊዮን ብር ተበደርን። ወለዱ በዓመት 18 በመቶ፣ የመክፈያው ጊዜ 10 ዓመት ነው። በየወሩ 18,018 ብር ከ52 ሳንቲም፣ አንድም ወር ሳናሳልፍ 24 ወር ከፍለናል። ሰሞኑን ስቴትመንት ሳወጣ ቀሪው ዕዳ 913,569 ብር ይላል። ባለቤቴ ‹ተዘረፍን› ብሎ እንቅልፍ አጥቷል። በዚህ መሐል ጫጫ አካባቢ ከአባቴ መሬት ላይ የነበረው ባሕር ዛፍ ተሸጦ 250 ሺህ ብር ደረሰኝ። ዕዳው ላይ ልጣለው ብዬ ባንክ ብሄድ ቀድሞ ለሚከፈል 3 በመቶ ቅጣት አለው አሉኝ። የባለቤቴ ወንድም ደግሞ ‹ወለዱን አስቀድመው ወስደውታል፤ አሁን ብትከፍሉ ትርፉ ለባንኩ ነው› ይለናል። ምን ላድርግ?»

ከደብረ ብርሃን

እህቴ፣ ቁጥሩን እኔም በራሴ አስልቼዋለሁ፤ ስቴትመንቱ ትክክል ነው። ማንም አልዘረፋችሁም። እንዲህ ስል ግን ያስደነገጠዎት ነገር ቀላል ነው ማለቴ አይደለም። በሁለት ዓመት ውስጥ 432,444 ብር ከፍላችኋል። ከዚህ ውስጥ 346,013 ብሩ ለወለድ ሄዷል፤ ከዋናው ብድር ላይ የተቀነሰው 86,431 ብር ብቻ ነው። ይህ ውጤት ውሉን በፈረማችሁበት ቀን የታወቀ ነበር። ያን ዕለት የብድር ሠራተኛው የ120ውን ወር የአከፋፈል ሰሌዳ ዘርግቶ «ከሁለት ዓመት በኋላ ዕዳችሁ ይህን ያህል ይሆናል» ብሎ በጣቱ ሊያሳያችሁ ይገባ ነበር። ይህ ሳይደረግ ሰው ቤቱን አስይዞ እንዲፈርም መደረጉ ያሳዝነኛል።

ነገሩ የሚሠራው እንዲህ ነው። ወለድ በእጃችሁ ላለው የባንክ ገንዘብ የምትከፍሉት ኪራይ ነው። ኪራዩ የሚታሰበው በተበደራችሁት መጠን ሳይሆን በዚያ ወር በእጃችሁ በቀረው ዕዳ ልክ ነው። በዓመት 18 በመቶ ለ12 ሲካፈል በወር 1.5 በመቶ ይሆናል። በመጀመሪያው ወር በእጃችሁ የነበረው ሙሉው 1 ሚሊዮን ስለነበር የወሩ ወለድ 15,000 ብር ሆነ። እናንተ የከፈላችሁት 18,018 ብር ከ52 ሳንቲም ነው። ባንኩ በቅድሚያ 15,000ውን ለወለዱ አነሳ፤ የተረፈው 3,018 ብር ከ52 ሳንቲም ዋናውን ዕዳ ቀነሰ። ቀሪው 996,981 ብር ሆነ ማለት ነው። በሁለተኛው ወር ወለዱ የተሰላው በዚህ በቀነሰው ላይ ነውና 14,955 ብር ገደማ ሆነ፤ ለዋናው የተረፈው 3,064 ብር ነበር። ከወር ወር ወለዱ በትንሹ ይወርዳል፣ ወደ ዋናው የሚገባው በዚያው ልክ ይጨምራል፣ የምትከፍሉት ድምር ግን አይለወጥም። ባንኮች አሞርታይዜሽን የሚሉት ይህንኑ አከፋፈል ነው።

አስቀድሞ ወለድ፣ ቀጥሎ ዋና ገንዘብ የሚለው ቅደም ተከተል የባንኩ ብልሃት ብቻ አይደለም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችንም ወጪና ወለድ ያለበት ዕዳ በከፊል ሲከፈል ክፍያው መጀመሪያ ለወጪው፣ ከዚያ ለወለዱ፣ በመጨረሻ ለዋናው ዕዳ እንዲታሰብ ይደነግጋል።

አሁን የባለቤትዎ ወንድም ወዳሉት ልምጣ፤ ብዙ ሰው የሚያምነው ነገር ስለሆነና ብዙ ገንዘብ የሚያሳጣ ስለሆነ ነው። «ወለዱን አስቀድመው ወሰዱት» የሚባለው የመጀመሪያዎቹ ዓመታት ክፍያ አብዛኛው ወለድ ሆኖ ስለሚታይ ነው። ሆኖም እስከ ዛሬ የከፈላችሁት ወለድ ሁሉ ያለፉት 24 ወራት ኪራይ ነው። የ25ኛው ወር ወለድ ገና አልተወለደም፤ የ60ኛውም የ100ኛውም እንደዚያው። የሚመጣው ወር ወለድ ስንት እንደሚሆን የሚወስነው ያን ወር ስትጀምሩ በእጃችሁ ያለው ዕዳ ነው። ዛሬ ዕዳውን ዝቅ ካደረጋችሁት የነገው ወለድ ዝቅ ይላል። ወለዱ በእውነት አስቀድሞ ተወስዶ ቢሆን ኖሮ ቀድሞ መክፈል ምንም ባልጠቀመ ነበር። እናንተ ዘንድ ያለው ነገር ግን የዚያ ተቃራኒ ነው።

ምንም ሳታደርጉ በዚሁ ብትቀጥሉ የሚሆነውን ልንገርዎት። ከምትከፍሉት ውስጥ ለዋናው የሚሄደው ለወለድ ከሚሄደው የሚበልጠው በ75ኛው ወር ነው፤ ስድስት ዓመት አልፎ ማለት ነው። የብድሩ ግማሽ፣ ማለትም 500 ሺህ ብሩ፣ ተከፍሎ የሚያልቀው በሰባተኛው ዓመት መጨረሻ ላይ ነው። ሌላው ግማሽ በቀሩት ሦስት ዓመታት ውስጥ ይጠናቀቃል። በ10 ዓመቱ የምትከፍሉት ጠቅላላ 2,162,222 ብር ይሆናል። እንግዲህ ባለቤትዎ በሌሊት የሚያስቡት ሐሳብ ከንቱ አይደለም፤ ሌባ የሚፈልጉበት ቦታ ግን ተሳስቷል። ዕዳውን ከባድ ያደረጉት የ18 በመቶ ወለድና የ10 ዓመት ርዝመት አንድ ላይ መሆናቸው ነው።

ስቴትመንቱን ከእንግዲህ በየጊዜው ራስዎ መፈተሽ ይችላሉ፤ የስልክ ካልኩሌተር ይበቃል። ቀሪውን ዕዳ በ0.18 ያባዙ፣ ለ12 ያካፍሉ። የእናንተ 913,569 ብር በዚህ ስሌት የወሩ ወለድ 13,704 ብር ይሆናል። የሚቀጥለው ወር ስቴትመንት ላይ በወለድ የተያዘው ከዚህ ቢለያይ አይደንግጡ፤ ብዙ ባንክ የሚያሰላው በወር ሳይሆን በቀን ነውና። ለአንድ ቀን 450 ብር ከ53 ሳንቲም ነው። ስቴትመንቱ የሚወጣው በፈረንጅ አቆጣጠር ስለሆነ 31 ቀን ባለው ወር 13,966 ብር፣ 28 ቀን ባለው ፌብሩዋሪ ደግሞ 12,615 ብር ገደማ ይሆናል። በዚህ መካከል የሚወዛወዝ ከሆነ ሂሳቡ ጤነኛ ነው። ጳጉሜን ላይ ለብቻው የሚታሰብ ወለድ የለም፤ ቀኖቹ በፈረንጁ ወር ውስጥ ተቆጥረዋል።

የሚያሳስበው ሌላ ነገር ነው፤ እሱንም ስቴትመንቱ ላይ ያገኙታል። በወለድ የተያዘው ገንዘብ ከወር ወር ሳይቀንስ ፍጹም አንድ ዓይነት ሆኖ ከቀጠለ ብድሩ የሚሰላው በመጀመሪያው መጠን ላይ ነው፤ «ፍላት» የሚባለው ነው። እንደዚያ ባለ ብድር ላይ ቀድሞ መክፈል የሚያስገኘው ጥቅም ውሉ በግልጽ ካልሰጠ በስተቀር የለም። የእናንተ ወለድ ከ15,000 ወደ 13,704 ስለወረደ ከዚህ ነፃ ናችሁ። ሁለተኛው፣ በቀሪው ዕዳ ላይ በአንድ ቀን የተጨመረ ገንዘብ ካዩ ምን እንደሆነ ይጠይቁ። ለመያዣነት የተሰጠው ቤት የመድን ዓረቦን ሲታደስ ባንኩ ራሱ ከፍሎ በእናንተ ሂሳብ ላይ ሊጽፈው ይችላል። ያ ከሆነ ያ ገንዘብም ወለድ እየበላ ይቀጥላል፤ ዓረቦኑን በጊዜው በእጅ መክፈል ይሻላል።

ከሁሉ በላይ ግን የወለድ መጠኑ መለወጡን ይከታተሉ። አብዛኛው የብድር ውል ባንኩ ወለዱን ወደፊት ሊያሻሽል እንደሚችል የሚል አንቀጽ አለው። ባንኩ ነገ 18ቱን 21 ቢያደርገው የወሩ ወለድ 15,987 ብር ይሆናል። እናንተ የምትከፍሉት ያው 18,018 ከሆነ ለዋናው ዕዳ የሚተርፈው 2,031 ብር ብቻ ነው። የቀረው 96 ወር በዚህ አካሄድ ወደ 126 ወር ይረዝማል። ሁለት ዓመት ተኩል ተጨመረባችሁ ማለት ነው፤ ኪሳችሁም አንዳች ለውጥ አይታየውም። ስለዚህ ወለድ ተጨመረ የሚል ደብዳቤ ወይም የስልክ መልእክት ሲመጣ «አሁን ስንት ወር ቀረኝ?» ብለው መጠየቅ አለብዎት። «በወር ስንት ልክፈል?» የሚለው ብቻውን አይበቃም።

እንግዲህ ወደ ባሕር ዛፉ ገንዘብ እንግባ።

250 ሺህውን ሙሉ በሙሉ ለባንኩ አይስጡት። ዕዳ ላይ የተጣለ ገንዘብ ተመልሶ አይወጣም። ልጅ ቢታመም ወይም ሥራ ቢቀዘቅዝ የሁለት ወር ክፍያ በእጅ መኖር አለበት፤ ክፍያ ሲዘገይ የሚታሰበው የመዘግየት ቅጣት ከመደበኛው ወለድ በላይ ነውና። እኔ 200 ሺህውን ለዋናው ብድር፣ 6 ሺህውን ለቅጣቱ፣ የቀረውን 44 ሺህ ብር ለክፉ ቀን አደርገው ነበር። 44 ሺህው የሁለት ወር ክፍያችሁን ሸፍኖ ይተርፈዋል።

200 ሺህው ዕዳው ላይ ሲያርፍ ቀሪው 713,569 ብር ይሆናል። የሚቀጥለው ወር ወለድ ከ13,704 ወደ 10,704 ብር ይወርዳል። ከመጀመሪያው ወር ጀምሮ 3,000 ብር ኪራይ ቀረላችሁ ማለት ነው። እናንተ ግን የለመዳችሁትን 18,018 ብር መክፈላችሁን ካላቆማችሁ ያ 3,000 ብር በሙሉ ወደ ዋናው ይገባል፤ በሚቀጥለው ወር የሚቀርላችሁ ወለድ ደግሞ ከ3,000 ይበልጣል። እንዲህ እየተደራረበ ሲሄድ ብድሩ በ96 ወር ፋንታ በ61ኛው ወር ያልቃል፤ የመጨረሻው ወር ክፍያም ከ10 ሺህ ብር አይበልጥም። ሦስት ዓመት ሊሞላ አንድ ወር ሲቀረው ያህል ቀደማችሁ። ገንዘቡን ካላስገባችሁ ከዛሬ ጀምሮ እስከ መጨረሻው የምትከፍሉት 1,729,778 ብር ነው። ካስገባችሁ 200 ሺህውን ጨምሮ 1,291,018 ብር ይሆናል። ልዩነቱ 438,760 ብር ነው። ከዚህ ላይ የ6 ሺህ ብሩን ቅጣት ሲቀንሱ 432,760 ብር ይተርፋችኋል። እስከ ዛሬ በሁለት ዓመት ውስጥ የከፈላችሁትን ያህል ነው።

አንባቢ ሁሉ ልብ እንዲል የምፈልገው አንድ ነገር እዚህ ላይ አለ። «ቀድሜ መክፈል እፈልጋለሁ» ብሎ ለባንክ መናገር አይበቃም። ያ 200 ሺህ ብር ባንኩ ውስጥ ከገባ በኋላ ሦስት የተለያዩ ቦታዎች ሊያርፍ ይችላል፤ ውጤቱም እጅግ ይለያያል። አንደኛው ከላይ ያሰላሁት ነው፤ ከዋናው ይቀነሳል፣ ወርኃዊው ክፍያ እንዳለ ይቀጥላል፣ ጊዜው ያጥራል። በሁለተኛው መንገድ ከዋናው ይቀነስና ጊዜው 96 ወር ሆኖ ይቀራል፤ የወሩ ክፍያ ግን ወደ 14,074 ብር ይወርዳል። በየወሩ 3,945 ብር እፎይታ ታገኛላችሁ፤ በጠቅላላው የሚተርፋችሁ ወለድ ግን 178,686 ብር ብቻ ነው። ከመጀመሪያው ጋር ሲነጻጸር 260 ሺህ ብር ያህል አጥታችኋል። ገቢያችሁ ከክፍያው ጋር አንገት ለአንገት ከሆነና በየወሩ የምትጨነቁ ከሆነ ይህንን ብትመርጡ አልወቅሳችሁም። አንድም ወር ሳታሳልፉ ከከፈላችሁ ግን የመጀመሪያው ይሻላችኋል።

ሦስተኛው ወጥመድ ነው። ገንዘቡ በተቀማጭ ሂሳባችሁ ውስጥ ይቀመጥና ባንኩ በየወሩ የተለመደውን ክፍያ ከእሱ ላይ እየቆረጠ ይሄዳል። ለእናንተ «የ11 ወር ክፍያ ቀድመን ከፈልን» ተብሎ ይነገራችኋል። በዚያ 11 ወር ውስጥ ዋናው ዕዳ በሰሌዳው ፍጥነት ብቻ ይቀንሳል፤ ወለዱም በሙሉ ዕዳው ላይ ይታሰባል። ከወለዱ አንድ ሳንቲም አልተረፈም። ሰዎች «ቀድሜ ከፍዬ ምንም አልጠቀመኝም» ሲሉ ከሰማሁባቸው ጊዜያት ብዙዎቹ እንዲህ የሆኑ ናቸው። የተሳሳቱት በመክፈላቸው አልነበረም፤ ገንዘቡ የት እንደሚያርፍ የሚገልጽ ጽሑፍ ስላላስገቡ ነው።

አሁን ቅጣቱን እንመልከት። ባንኩ ይህን የሚጠይቀው ለምን እንደሆነ መረዳት ይጠቅማል። ለእናንተ ያበደረው ገንዘብ በአብዛኛው የአስቀማጮች ነው፤ ለእነሱ ወለድ እየከፈለ፣ ከእናንተ ለ10 ዓመት የሚመጣውን ወለድ አስቦ እቅድ አውጥቷል። እናንተ ቀድማችሁ ስትከፍሉ ያ ገቢ ይቀርበታል፤ ገንዘቡንም እንደገና የሚያበድረው ሰው መፈለግ አለበት። ቅጣቱ ለዚህ ማካካሻ ነው። ጥፋተኛ አድርጎ የሚያስመዘግባችሁ ነገር አይደለም፤ ስሙ ስላስፈራዎት ብቻ አይሽሹት። ውላችሁ ውስጥ ከተጻፈ ትከፍሉታላችሁ፣ ካልተጻፈ ግን የቃል ንግግር ብቻ ይዘው «አለ» ሊሏችሁ አይገባም። ስለዚህ መጀመሪያ ውሉን አውጥተው አንቀጹን ራስዎ ያንብቡት።

ሲያነቡት የሚፈልጉት ጥያቄ አንድ ነው፦ 3 በመቶው የምን ነው? ቀድማችሁ ከምትከፍሉት ገንዘብ ከሆነ የ200 ሺህው 3 በመቶ 6,000 ብር ነው። ከቀሪው ዕዳ ሁሉ ላይ ከሆነ የ913,569 ብሩ 3 በመቶ 27,407 ብር ይሆናል። መጀመሪያ ከተበደራችሁት ከሆነ ደግሞ 30,000 ብር። ሠራተኛው በአፍ የነገረዎት «3 በመቶ» ለሦስቱም ሊሆን ይችላል። እኔ ከላይ ያሰላሁት የመጀመሪያውን ይዤ ነው፤ የእናንተ ውል ሌላ ቢል ቁጥሩን ይቀይሩት።

የቅጣቱን ክብደት ለመለካት ከዚህ የቀለለ መንገድ አላውቅም። ቅጣቱን በወር ለሚቀርላችሁ ወለድ ያካፍሉት። 6,000 ለ3,000 ሲካፈል ሁለት ነው። በሁለተኛው ወር መጨረሻ ቅጣቱ ራሱን መልሶ ጨርሷል፤ ከዚያ በኋላ ያለው ወደ ስምንት ዓመት የሚጠጋ ጊዜ የእናንተ ነው። በጣም መጥፎው ቢሆን፣ 30,000 ቢጠየቅ እንኳ፣ በ10 ወር ይመለሳል፤ እናንተ ገና 96 ወር ይቀራችኋል። ይህንኑ ስሌት ብድሩ ሊያልቅ ሦስት ወር የቀረው ሰው ቢሠራው ቅጣቱን ብቻ ከፍሎ የሚተርፈው ነገር እንደሌለ ያገኘዋል። እሱ ዝም ብሎ መጨረስ ይሻለዋል።

አንዳንድ ውል ቅጣቱ ከሦስተኛው ዓመት በኋላ ይቀራል ይላል። የእናንተም እንደዚያ ከሆነ «አንድ ዓመት እንጠብቅና ያለ ቅጣት እንክፈል» የሚል ሐሳብ ይመጣባችኋል። አይጠብቁ። በየወሩ 3,000 ብር ወለድ በ12 ወር 36,000 ብር ነው። 6,000 ብር ለማዳን 36,000 ብር መክፈል ይሆናል። ገንዘቡን በዚያ ዓመት 7 በመቶ በሚከፍል ቁጠባ ብታስቀምጡት እንኳ የምታገኙት 14,000 ብር ነው። የሚጠበቀው ጊዜ አንድ ወር ብቻ ቢሆን ግን መጠበቅ ያዋጣል።

ሌላ ባንክ በትንሽ ያነሰ ወለድ እሰጣችኋለሁ ቢላችሁ ደግሞ ሂሳቡ ሌላ ነው። ያኔ ቀድሞ የሚከፈለው ሙሉው 913,569 ብር ስለሆነ ቅጣቱ 27,407 ብር ይሆናል። ወለዱ በ1 በመቶ ቢያንስላችሁ በመጀመሪያው ዓመት የሚተርፋችሁ 9,000 ብር ገደማ ነው። ቅጣቱን ለመመለስ ብቻ ከሦስት ዓመት በላይ ይፈጃል፤ የቤቱ ግምትና የመያዣ ምዝገባ ወጪ ሳይጨመር። ለ1 በመቶ ብዬ ቦታ አልቀይርም።

«በገንዘቡ በግ ገዝተን አድልበን ለፋሲካ እንሽጥ» የሚል ሐሳብ በቤታችሁ ተነሥቶ ይሆናል፤ በደብረ ብርሃን ገበያ የማይነሣበት ቤት የለም። ሞኝነት ነው አልልም። ግን መለኪያው ይህ ነው፦ የመኖ፣ የመድኃኒትና የሞተ በግ ኪሳራ ሁሉ ከተቀነሰ በኋላ ያ ሥራ በዓመት ከ18 በመቶ በላይ እርግጠኛ ትርፍ ይሰጣል? ዕዳ ላይ የተጣለው ገንዘብ 18 በመቶውን ያለ ድካምና ያለ በሽታ ይሰጣችኋል። በእርባታ ልምድ ካላችሁና ባለፉት ዓመታት ያተረፋችሁትን በቁጥር መናገር ከቻላችሁ ግማሹን ለዚያ ብታደርጉት አልከለክልም። ልምድ ከሌላችሁ ግን ይቅር። የባሕር ዛፉ ጉቶ ከተጠበቀ መልሶ ያቆጠቁጣል፤ ከዓመታት በኋላ የሚመጣውን ያን ገንዘብ ለንግድ ማሰብ ይቻላል።

ወደ ባንክ ሲሄዱ ባለቤትዎም አብረው ይሂዱ፤ ብድሩን ሁለታችሁ ከፈረማችሁ ለውጡም የሁለታችሁን ፊርማ ሊጠይቅ ይችላል። ገንዘቡን ከማስገባትዎ በፊት ማመልከቻ ይጻፉ፤ በሁለት ቅጂ። አንዱን ለእነርሱ ይስጡ፣ ሌላውን ማኅተምና ቀን አስደርገው ይዘው ይምጡ። እንዲህ ሊሆን ይችላል፦

«በብድር ሂሳብ ቁጥር … ላይ ብር 200,000 ከዋናው ብድር ላይ ተቀናሽ እንዲሆንልን እናመለክታለን። ገንዘቡ ለወደፊት ወርኃዊ ክፍያ በቅድሚያ እንዳይያዝ፣ ወርኃዊ ክፍያችንም ብር 18,018.52 ሆኖ እንዲቀጥልና የመክፈያው ጊዜ እንዲያጥር እንጠይቃለን። በውሉ አንቀጽ … መሠረት የሚፈለግብን የቅድመ ክፍያ ቅጣት መጠንና አሠራሩ፣ እንዲሁም አዲሱ የአከፋፈል ሰሌዳ በጽሑፍ ይሰጠን።»

ቀኑንም ይምረጡ። የወሩ መደበኛ ክፍያ በተከፈለ ማግስት ብታስገቡት የተጠራቀመ ወለድ ስለማይኖር 200 ሺህው ሳይሸራረፍ ዋናው ላይ ያርፋል። በወሩ አጋማሽ ካስገባችሁት ግን እስከዚያ ቀን የተቆጠረው ወለድ፣ በ15 ቀን 6,758 ብር ገደማ፣ አስቀድሞ ሊነሣ ይችላል። ያ ገንዘብ የጠፋ አይደለም፣ ያለዚያም የምትከፍሉት ነው፤ ነገር ግን ስቴትመንቱን ለመፈተሽ ያስቸግራችኋል።

ቅርንጫፉ የቅጣቱን አሠራር በጽሑፍ አልሰጥም ካለ፣ ወይም ጊዜውን ማሳጠር አይቻልም ካላችሁ፣ መጀመሪያ ቅሬታችሁን ለራሱ ለባንኩ የቅሬታ ክፍል በጽሑፍ አስገቡ። መልሱ ካላረካችሁ የፋይናንስ አገልግሎት ተጠቃሚዎችን ጉዳይ የሚመለከተው የኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ ነው። ማኅተም ያረፈበት ቅጂ ያስፈለገው ለዚህ ነው።

ከአንድ ወር በኋላ አዲስ ስቴትመንት ያውጡ። ሦስት ነገር ብቻ ይመልከቱ። ገንዘቡ በገባበት ቀን ቀሪው ዕዳ ወደ 713,569 ብር መውረድ አለበት። የሚቀጥለው ወለድ እንደ ወሩ ቀን ብዛት ከ9,850 እስከ 10,910 ብር ገደማ ባለው መካከል መሆን አለበት። አዲሱ ሰሌዳ ላይ የቀረው የወር ብዛት 61 መሆን አለበት። ወለዱ አሁንም 12 ወይም 13 ሺህ ቤት ውስጥ ከሆነ ገንዘቡ ተቀማጭ ሂሳቡ ውስጥ ተቀምጧል ማለት ነው፤ ያኔውኑ የማመልከቻውን ቅጂ ይዘው ወደ ሥራ አስኪያጁ ይግቡና ገንዘቡ ከገባበት ቀን ጀምሮ እንዲስተካከል ይጠይቁ።